ስድስት ጓደኛሞች፣ ስድስት ፍላጎት፣ አንድ መኪና፦ የሦስት ቀን የሐዋሳ ጉዞ አስተቃቀድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስምንት ሆነን ሐዋሳ ሄድን። ሦስት ቀን ሙሉ ስምንታችንም ከአንድ መኪና ወርደን ወደ አንድ ቦታ፣ ከዚያ ተነስተን ወደ ሌላ ቦታ ስንሄድ ቆየን። አንዱ ሻወር እስኪወስድ ሰባቱ ይጠብቃል። አንዷ ጀልባ ስላልወደደች ሁላችንም ጀልባ ሳንሳፈር ቀረን። በሁለተኛው ቀን ማታ ሁለት የልብ ጓደኛሞች እራት የት እንብላ በሚል ተጣልተው በመልሱ መንገድ ሳይነጋገሩ አዲስ አበባ ገቡ። ማናቸውም መጥፎ ሰው አልነበሩም። ጥፋቱ የዕቅዱ ነበር። ሁሉን ነገር አብረን ለማድረግ ስለወሰንን ማንም የፈለገውን ሳያገኝ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ የማቅደው ቀኑን ለሁለት ከፍዬ ነው። የጋራ ሰዓት አለ፣ የግል ሰዓት አለ። ሥራው ያለው የትኛው ሰዓት የጋራ፣ የትኛው የግል ይሁን የሚለው ላይ ነው። ስድስት ሆነን ከአርብ እስከ እሑድ ሐዋሳ የሄድንበትን ዕቅድ ከነምክንያቱ ላሳያችሁ።

1. ሁሉም ሦስት ነገር ይጻፍ

«የት እንሂድ? ምን እናድርግ?» ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትጠይቁ። ቀድሞ የመለሰው ሰው ሐሳብ ያሸንፋል፣ ዝምተኛው «ለእኔ ሁሉም ይመቸኛል» ይላል። ያ ሰው በሁለተኛው ቀን ማኩረፉ አይቀርም።

እኔ ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው የምጽፍለት። ሦስት ጥያቄ ብቻ። ሳላደርገው ብመለስ ቅር የሚለኝ ምንድን ነው? ሌላው ካደረገ አብሬ ብሆን ደስ የሚለኝስ? በፍጹም የማልፈልገው ወይም የማልችለውስ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅማል። ጾም፣ ሶላት፣ የጉልበት ሕመም፣ የገንዘብ እጥረት፣ መጠጥ አለመውደድ፣ ሁሉም የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ሰው እነዚህን በግሩፕ ፊት አይናገርም፣ ለአንድ ሰው ግን ይነግራል።

የእኛ ስድስቱ እንዲህ መለሱ። ፎቶ አንሺው በጠዋት ብርሃን የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ ማንሳት ይፈልጋል፣ የማታ ጭፈራ አይፈልግም። ሁለተኛዋ እሑድ ገብርኤል ማስቀደስ ትፈልጋለች፣ አርብን ያለ ዓሣ ነው የምትጾመው። ተራራ ወዳዱ ታቦርን መውጣት ያምረዋል፣ አርብ ጁምዓ እንዳያመልጠው ይፈልጋል፣ መጠጥ ያለበት ማዕድ አይመቸውም። ጨዋታ ወዳዱ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ካልሰማ ሐዋሳ የሄደ አይመስለውም፣ ጨፍሮ አምሽቶ በማግስቱ በሌሊት መነሳት ግን አይችልም። ከዋሽንግተን የመጣችው ጓደኛችን የወንዶ ገነትን ፍል ውሃ ትናፍቃለች፣ ከሁሉ በላይ ግን «ሁላችንም ቁጭ ብለን እናውራ» አለች። እኔ መተኛትና መጽሐፍ ማንበብ ፈልጌ ነበር።

2. ድምፁን ቁጠሩ

ከስድስት አራት ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያነሳው ነገር የጋራ ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያነሳው የንዑስ ቡድን ነው። አንድ ሰው ብቻ ያነሳው የራሱ ነው፣ ግን ሰዓት ይመደብለታል።

በእኛ ቆጠራ አሞራ ገደልና ጀልባ አምስት ድምፅ አገኙ። ማታ ሐይቅ ዳር መቀመጥ አራት። ወንዶ ገነት ሦስት። ታቦር ሁለት። ቅዳሴ፣ ጭፈራና እንቅልፍ አንድ አንድ። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ የጋራ ሆነው የወጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ይህ ያስደነግጣል። «ታዲያ ለምን አብረን እንሄዳለን?» የሚል ይኖራል። ግን መንገዱን ቁጠሩ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ፣ ለቁርስ ቆሞ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ከአሥር ሰዓት ይበልጣል። ይህ ሁሉ የጋራ ሰዓት ነው፣ ያውም ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ። ብዙ ሰው መንገዱን ከጋራ ሰዓት አይቆጥረውም፤ ስለዚህ እንደደረሰ ሌላ የጋራ ፕሮግራም ይደርብበታል። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

እንግዲህ ልኩ ይህ ነው። ረጅም መንገድ ባለበት ቀን ከመንገዱ ሌላ አንድ የጋራ ነገር ብቻ። መንገድ በሌለበት ቀን ቢበዛ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል የጋራ፣ ሌላው የግል።

3. ሰዓቱን ቦታው ይምረጥላችሁ

የጋራውን ሰዓት በዘፈቀደ አታስቀምጡ። አንዳንድ ነገር የራሱ ሰዓት አለው፣ ሌላ ጊዜ ብትሄዱ አታገኙትም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው የሚሞቀው በጠዋት ነው። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው የሚመለሱት ያኔ ነው። ቆሮሶውና አምባዛው ሲበለት አባ ኮዳዎቹ ቅሪቱን ለመልቀም እግር ሥር ድረስ ይመጣሉ። ጉሬዛና ጦጣም ከዛፎቹ ላይ አይጠፉም። ሐይቁም በጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባው ይንገላታል፣ ፈሪ ያለበት ቡድን ያኔ መሳፈር የለበትም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መቀመጥ ደግሞ ደስ የሚለው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ግን ሐዋሳ ይሞቃል። አዲስ አበባ የለመደ ሰው ይደክመዋል። ስለዚህ የጋራው ጠዋትና ማታ ላይ ይሁን፣ መሐሉ የግል ይሁን። ዕቅዱ እንዲህ ሲሆን ሰው አልተገደድኩም ይላል፣ ምክንያቱም ሰዓቱን የመረጠው አስተባባሪው ሳይሆን ሐይቁ ነው።

4. ሦስቱ ቀናት እንዴት ወጡ

አርብ። ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። መነሻውን የወሰነው ጁምዓ ነው። ሶላቱ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ሐዋሳ መግባት ነበረብን። ባቱ ላይ ቁርስ በላን፣ ለሚጾሙት ሽሮና በያይነቱ ያለበት ቤት ቀድመን ጠይቀን ነበር። ዓሣ አርብ ላይ አከራካሪ ነው። «ዓሣ እኮ የጾም ነው» ብሎ የሚያዝ አለ፣ አልነካም የሚል አለ። ማን እንዴት እንደሚጾም አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ማዕድ ላይ ሰው ታሳቅቃላችሁ።

5 ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋሳ ገባን። ክፍሎቹ ገና አልተዘጋጁም፣ ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ጋ ተውነው። ከዚያ ሁሉም ወደየራሱ ሄደ። ተራራ ወዳዱ ወደ መስጊድ፣ እኔ ክፍሉ ሲዘጋጅ ወደ እንቅልፍ፣ ሌሎቹ ምሳ ፍለጋ። ቀጠሯችን 11 ሰዓት ተኩል ፍቅር ሐይቅ ነበር። እዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ አየንና ተነስተን እራት በላን። ስድስታችንም ያለንበት እራት ይህ ብቻ ነው። ቤቱን የመረጥነው በሦስት ነገር ነው፦ የጾም ምግብ አለው፣ ጾም የማይመለከተው ዓሣ ጥብስ ያገኛል፣ መጠጥ ቤት አይደለም። ከዋሽንግተን የመጣችው የፈለገችውን ወሬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አወራን።

ቅዳሜ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ነበርን። ፎቶ አንሺው ከሁላችን ቀድሞ ብቻውን በባጃጅ ሄደ፣ እኛ ተከተልነው። ቁርሱ የዓሣ ሾርባና ጥብስ ነበር። እዚያ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበላ ብዙ ሰው ታያላችሁ። ጨዋታ ወዳዱ ሊሞክር ፈልጎ ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ አንድ ሰው ከታመመ ደግሞ የሁሉም ዕቅድ ይፈርሳል።

ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጀልባ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ሰዓት፣ ጉማሬ ማሳየትን ይጨምራል ወይ? የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን ዓይናችሁ ይይ። ጉማሬ ሲታይ ባለጀልባውን «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት።

ከ4 ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ድረስ የግል ነበር። ሦስቱ በመኪናው ወንዶ ገነት ሄዱ። ወደ ሻሸመኔ ተመልሶ በስተምሥራቅ የሚታጠፍ መንገድ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፎቶ አንሺው ሐይቁ ዳር ቀረ። ጨዋታ ወዳዱ ተኛ፣ ማታ ጉልበት ያስፈልገዋል። እኔ ሆቴሉ ግቢ ዛፍ ሥር መጽሐፌን ጨረስኩ። ቅዳሜ ማታ የጋራ እራት ሆን ብለን አላደረግንም። የሚጨፍረውና ሌሊት ለቅዳሴ የምትነሳው አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

እሑድ። ቅዳሴ የምትሄደው ጓደኛችን በሌሊት ወጣች። ታቦር የሚወጡት ሁለቱ ጎህ ሲቀድ የሠፈሩን ልጅ ይዘው ወጡ። ተራራው ከተማው ውስጥ ስላለ ጊዜ አይፈጅም፣ ከላዩ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያሉ። ሌሎቻችን ተኛን። ቁርስ 3 ሰዓት ተኩል የሆነው በምክንያት ነው። የምታስቀድሰው ከቅዳሴ በፊት እህል አትቀምስም። ቁርሱን 2 ሰዓት ብናደርገው ኖሮ እሷ ብቻዋን ርቧት መኪና ትገባ ነበር።

4 ሰዓት ተኩል ተነሳን። 6 ሰዓት ላይ ላንጋኖ ቆመን ሁለት ሰዓት ቆየን። መዋኘት የፈለገ እዚያ ዋኘ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ እዚያ ውሃ ውስጥ አትግቡ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን ለዋና ሲመረጥ የኖረው እሱ ነው። 8 ሰዓት ላይ ተነስተን ሳይመሽ አዲስ አበባ ገባን። በሌሊት አትጓዙ። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊትም እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

5. መኪናውን የማንም አታድርጉት

የግል ሰዓትን የሚገድለው መኪናው ነው። አንድ ሚኒባስ ተከራይታችሁ ስድስት ሰው በስድስት አቅጣጫ ሊጠቀምበት ከፈለገ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል፣ እናንተም እሱን ስትጠብቁ ትውላላችሁ። ከጉዞው በፊት አንድ ደንብ አውጡ። በግል ሰዓት መኪናው ከተማ ውስጥ ለማንም አይንቀሳቀስም። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነ ባጃጅ የትም ያደርሳል። ኮንትራት ከያዛችሁ ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ።

መኪናው በግል ሰዓት ከከተማ የሚወጣው በቀን ለአንድ ቡድን ብቻ ነው፣ ነዳጁንም የሄዱት ይሸፍናሉ። እኛ ጋ የወንዶ ገነቱን ነዳጅ ሦስቱ ከፈሉ። ሆቴል የቀረነው ምንም አላወጣንም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን «እኔ ያልሄድኩበትን ለምን እከፍላለሁ» የሚለው ቅሬታ ሳይነገር የሚያድር ቅሬታ ነው።

ሹፌሩም ሰው ነው። አበሉንና ማደሪያውን ከኪራዩ ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ። አርብ ከሰዓት ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፣ ይተኛ። እሑድ 275 ኪሎ ሜትር ይነዳችኋል።

6. ገንዘቡን እንደ ሰዓቱ ክፈሉት

መዋጮው የጋራውን ብቻ ይሸፍን፦ መኪና፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበል፣ ክፍል፣ ጀልባ፣ የአርቡ እራት። የግል ሰዓት ላይ የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ መግቢያው፣ ባጃጁ ከየኪስ ነው። መጠጥ የጋራ እራት ላይም ቢሆን ለብቻው ይከፈል። የማይጠጣው ሰው የሌላውን ቢራ እንዲከፍል አታድርጉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ የጋራው ወጪ 60,000 ብር ቢሆን አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ፣ 66,000 ይሆናል። ለስድስት ሲካፈል 11,000 ብር። ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ይሁን፣ አስተባባሪው ባይሆን ይመረጣል። ብሩ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት በቴሌብር ይግባ። ያላስገባ ሰው ካለ ያኔ ይታወቃል፣ ክፍል ከተያዘ በኋላ አይደለም። ገንዘብ ያዡ ያወጣውን ሁሉ የዚያኑ ዕለት ማታ ግሩፑ ላይ ይጻፍ።

7. የግል ሰዓት መጨረሻ ይኑረው

«ማታ እንገናኝ» ቀጠሮ አይደለም። «11 ሰዓት ተኩል፣ ፍቅር ሐይቅ መግቢያው ላይ» ቀጠሮ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ያለው ሰው ይሄዳል፣ የዘገየው በባጃጅ ይደርሳል። ይህን አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ ማንም አይቀየምም። በሰዓቱ ካልተስማማችሁ ግን ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚመጣው ሰው ይቀጣል።

ሌላው ስህተት የሚታየው በተቃራኒው ነው። የጋራው ሰዓት ይረዝምና የግሉን ይበላዋል። ጀልባው ደስ ብሎ «ትንሽ እንቆይ» ይባላል፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ምሳ። ስታዩት 8 ሰዓት ሆኗል፣ ወንዶ ገነት የሚሄዱት ቀርተዋል። ሰዓት የሚጠብቅ አንድ ሰው መድቡ። ሰዓቱ ሲሞላ የጋራው ይቆማል፣ መቆየት የፈለገ በግሉ ይቆያል።

ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው «ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በኋላ የት ነህ? የት ነሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አላውቅም፣ ከእናንተ ጋር» ያለ ሰው ካለ ብቻውን ሊቀር ነው። መተኛት የመረጠና ማንም ሳይጠራው የቀረ ሰው አንድ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ሰው አንዱ ቡድን በስሙ እንዲጋብዘው አደርጋለሁ። ማታ ብቻቸውን የሚመለሱ ሴቶች ካሉም የሚያውቁት የባጃጅ ሹፌር ስልክ ቀን ሳለ ይያዝ። ሐይቁ ዳርም ሲጨልም ማንም ብቻውን አይሂድ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ማታ ነው።

ይህ አሠራር ልክ አለው። እስከ ስምንት ሰው ድረስ በደንብ ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲሆን አራት ድምፅ ያገኘ ነገር የግማሹ እንኳ አይሆንም፣ አንዱ ጀልባም አይበቃም። ያኔ ከመጀመሪያው ሁለት ቡድን ሆናችሁ፣ ሁለት አስተባባሪ ይዛችሁ፣ በቀን አንድ ማዕድ ላይ ብቻ ተገናኙ። ከመካከላችሁ የተጣሉ ሰዎች ካሉም ይህ ዕቅድ አያስታርቃቸውም፤ የጋራው ሰዓት ትንሽ ስለሆነ ያለውን ዝምታ ያጎላዋል።

ሰኞ ጠዋት ገንዘብ ያዣችን የወጪውን ዝርዝር ላከች። ከመጠባበቂያው 3,000 ብር ተርፎ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለስድስታችንም 500 ብር በቴሌብር ገባልን።